ስድስት ሳንቲም ከሩብ፦ የአንድ ሱቅ ሻጭ የትርፍ ሂሳብ ጉዳይ

ሂሳቡ 2 ዶላር ከ6 ሳንቲም ከሩብ መጣ። ሴትየዋ ከፈለች፣ ዕቃዋን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ሻጩ ማታ ላይ ዝርዝሩን እንደገና ደመረው። 2 ዶላር ብቻ ነው የሚመጣው። 6 ሳንቲም ከሩብ አለአግባብ ተቀብሏል። መሽቷል። ሱቁን ቆልፎ በእግሩ ሁለት ወይም ሦስት ማይል ሄደ፤ በእኛ ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ገንዘቡን ሰጣትና ተመለሰ።

ሻጩ አብርሃም ሊንከን ነው። ቦታው አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ግዛት፣ ኒው ሴለም የምትባል መንደር። ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1831 እና በ1832 መካከል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ያኔ ፕሬዚዳንት የሚባል ነገር በአጠገቡ የለም። የ22 ዓመት ረጅምና ቀጭን ወጣት ነው፤ እንጨት ፈልጦ፣ ጀልባ ቀዝፎ የሚያድር።

ታሪኩን ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ወይም በሬዲዮ ሰምተነዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረን እንዲህ ነው፦ ታማኝ ነበር፣ ስለዚህ ፕሬዚዳንት ሆነ። እኔ በዚህ አልስማማም። ከዚያች ማታ እስከ ፕሬዚዳንትነቱ ድረስ 29 ዓመት አለ። በመሃል ደግሞ ሰውየው ከስሯል፣ ተከሷል፣ ንብረቱ በሐራጅ ተሸጧል። ሽልማት ካለ የመጣው ያኔ ነው፤ ማንም ባልጠበቀው ሰዓት፣ ሽልማት በማይመስል መልክ። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ስለ ሳንቲሟ ትንሽ እንነጋገር። ጉዳዩ ሳንቲሟን ሳያውቁ አይገባም።

ሩብ ሳንቲም ከየት መጣ?

አሜሪካ ሩብ ሳንቲም ቀርጻ አታውቅም። ትንሹ ገንዘቧ ግማሽ ሳንቲም ነበር። ታዲያ 6 ሳንቲም ከሩብ እንዴት ይከፈላል? መልሱ የስፔን ብር ነው። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ከአገሩ ገንዘብ ይልቅ ከሜክሲኮና ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣው የስፔን ብር በብዛት ይዘዋወር ነበር። እስከ 1857 ድረስም ሕጋዊ መገበያያ ነበር። አንዱ የስፔን ዶላር ስምንት ሬያል ነው። አንዱ ሬያል 12 ሳንቲም ተኩል ይሆናል። የሬያል ግማሽ ደግሞ 6 ሳንቲም ከሩብ።

ለእኛ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። አያቶቻችን በማርያ ቴሬዛ ብር ሲገበያዩ ኖረዋል፤ የሌላ አገር ንግሥት መልክ ያለበት፣ የተቀረጸበት ዓመት ሁልጊዜ 1780 የሆነ ብር። ያ ብር ትልቅ ስለነበር ዝርዝሩ ራስ ምታት ነበር። ለጥቃቅኑ ግዢ አሞሌ ጨው፣ አንዳንዴም ጥይት እንደ ዝርዝር ያገለግል ነበር። ምኒልክ የራሳቸውን ብር ሲያስቀርጹ አላድ፣ ሩብና ተሙን ያስፈለጉት ለዚህ ነው። ተሙን የብር አንድ ስምንተኛ ነው፤ ሬያልም የዶላር አንድ ስምንተኛ። ስለዚህ ሊንከን የመለሰው ገንዘብ በአያቶቻችን አነጋገር ግማሽ ተሙን ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። ብዙ ሰው ‹‹6 ሳንቲም ከሩብ›› ሲሰማ ተረት ይመስለዋል፤ ሩብ ሳንቲም ድረስ የሚቆጥር ሻጭ አለ ወይ ይላል። ግን የመለሰው ስድስት ሳንቲምና የአንድ ሳንቲም ቁራጭ አይደለም። አንዲት ድፍን ግማሽ ሬያል ናት። ትንሽ፣ ቀጭን፣ ከሁለት ግራም በታች የምትመዝን ብር። በጊዜው የሱቅ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ በእሷ ብዜት ነበር የሚወጣው፦ 12 ተኩል፣ 18 ከሦስት ሩብ፣ 31 ከሩብ፣ 37 ተኩል።

አሁን ስህተቱ እንዴት እንደሚመጣ ተመልከቱ። የሴትየዋ የዕቃ ዝርዝር አልተጻፈልንም፣ ስለዚህ ምሳሌ እሰጣለሁ። አራት ዕቃ ገዛች እንበል፦ አንዱ 18 ከሦስት ሩብ፣ ሁለተኛው 31 ከሩብ፣ ሦስተኛው 62 ተኩል፣ አራተኛው 87 ተኩል። ድምሩ ልክ 2 ዶላር ነው። ሻጩ 31 ከሩቡን በችኮላ 37 ተኩል ብሎ ካነበበው ድምሩ 2 ዶላር ከ6 ሳንቲም ከሩብ ይመጣል። አንድ ደረጃ ብቻ ነው የተሳሳተው። በጭንቅላት ለሚደምር ሰው፣ ያውም ክፍልፋይ በክፍልፋይ ላይ ለሚደምር፣ ይህ በየቀኑ ሊያጋጥም የሚችል ስህተት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስህተቱን ያገኘው ገዢዋ ቅሬታ አቅርባ አይደለም። ራሱ እንደገና ደምሮ ነው። ሱቅ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ገንዘብ ከጎደለ ሁሉም ሻጭ እንቅልፍ አጥቶ ይፈልጋል። ከበዛ ግን ማን ይፈልጋል? ‹‹እግዜር የሰጠው›› ተብሎ ይታለፋል። ትርፉን እንደ ጉድለት የሚፈልግ ሻጭ ነው ብርቅ የሚሆነው።

6 ሳንቲም ከሩብ ምን ይገዛ ነበር?

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለ። ሊንከን በኋላ ራሱ ባለሱቅ ሆኖ ሳለ፣ በመጋቢት 1833 ለእሱና ለሸሪኩ የመጠጥና የማደሪያ ፈቃድ ሲሰጥ ባለሥልጣናቱ የዋጋ ተመን አውጥተዋል። ቁርስ፣ ምሳ ወይም ራት 25 ሳንቲም። የአንድ ሌሊት አልጋ 12 ሳንቲም ተኩል። ግማሽ ፓይንት ዊስኪ፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ገደማ፣ 12 ሳንቲም ተኩል። ስለዚህ የተመለሰችው ሳንቲም የአንድ አልጋ ግማሽ፣ የአንድ ራት ሩብ ናት። ሊንከን ሳንቲሟን በመለሰበት ሱቅ የሚከፈለው በወር 15 ዶላር እንደነበር ይነገራል። በቀን 50 ሳንቲም ነው። ሳንቲሟ የቀን ደመወዙ አንድ ስምንተኛ ማለት ናት።

ምንም አይደለችም ማለት አይቻልም። ግን በጨለማ አምስት ኪሎ ሜትር ሄዶ አምስት ኪሎ ሜትር የሚያስመልስም አይደለም። በማግስቱ ወይም በሳምንቱ ሴትየዋ ስትመጣ ‹‹እንኪ ትርፍሽን›› ማለት ይቻል ነበር። እኔ ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው። አብዛኛው ባለሱቅም እንደዚያ ቢያደርግ ማንም አይወቅሰውም።

ሌላም አለ። ሱቁ የሱ አይደለም። ዴንተን ኦፈት የሚባል፣ ወሬው ከካፒታሉ የሚበልጥ ነጋዴ ነው የከፈተው። ሊንከን ተቀጣሪ ነው፤ የሚያድረውም እዚያው ሱቁ ውስጥ። ትርፏ ሳንቲም ብትቀር የምትገባው ኦፈት ካዝና ውስጥ እንጂ ሊንከን ኪስ ውስጥ አይደለም። ባይመልሳት ለራሱ የሚያተርፈው ነገር አልነበረም። ሲመልሳት ግን ጉልበቱን ነው የከሰረው። ታሪኩ ሲነገር ይህች ነጥብ ሁሌ ትዘለላለች።

ሁለተኛ ተመሳሳይ ታሪክም አለ። ሱቅ ሊዘጋ ሲል አንዲት ሴት ግማሽ ፓውንድ ሻይ ቅጠል ጠየቀች። መዘነላት፣ ከፈለች፣ ሄደች። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ሚዛኑ ላይ የቀረውን ድንጋይ አየ። የአራት አውንስ ድንጋይ ነው። ግማሽ ፓውንድ ደግሞ ስምንት አውንስ ነው። ሴትየዋ የከፈለችበትን ግማሽ ብቻ ይዛ ሄዳለች። የቀረውን 113 ግራም ገደማ መዝኖ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ ቁርስ ሳይበላ አደረሰላት።

ሁለቱም ታሪኮች የታተሙት ሊንከን በተገደለ በዓመቱ፣ በ1866፣ በወጣ የሕይወት ታሪኩ ላይ ነው። ከድርጊቱ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ሕዝብ በሐዘን ላይ እያለ የተጻፈ ስለሆነ ጥቂት ቅመም ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ይበልጥ አምነዋለሁ። ሚዛን ላይ የተረሳ ድንጋይ ከሱቅ ውስጥ የወጣ ዝርዝር ነው፤ ለስብከት ብሎ የሚፈጥር ሰው እዚያ ድረስ አያስብም።

መንደሯ

ኒው ሴለም ከሳንጋሞን ወንዝ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ የቆመች የግንድ ቤቶች መንደር ነበረች። ነዋሪዎቿ ከ20 እስከ 25 ቤተሰብ ቢሆኑ ነው። ወፍጮ ነበራት። የአካባቢው ገበሬ እህሉን ለማስፈጨት ይመጣል፣ ተራ እስኪደርሰው ሱቅ በር ላይ ቆሞ ያወራል። ማን ለማን ምን እንዳደረገ በሳምንት ውስጥ የማይሰማ የለም። ሰፈር ውስጥ የአንድ ባለሱቅ ሚዛን እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ስንት ቀን እንደሚፈጅ እናንተው ታውቃላችሁ።

ከዚህ በኋላ የሰው ነገር ሁሉ በሊንከን ላይ ተጣለ። የፈረስ እሽቅድድም ሲኖር ዳኛ እሱ፣ ትግል ሲኖር ዳኛ እሱ። ‹‹ሐቀኛው ኤብ›› የሚለው የቁልምጫ ስሙ ሥር የሰደደው በዚያ አካባቢ ነው።

በ1832 ለግዛቲቱ ምክር ቤት ተወዳደረ። ተሸነፈ። ከ13 ተወዳዳሪ ስምንተኛ ወጣ፤ ሰፊው ወረዳ አያውቀውም። በኒው ሴለም ምርጫ ጣቢያ ግን ከ300 ድምፅ 277ቱን አገኘ። በዚያ ዘመን ኢሊኖይ ውስጥ ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር አልነበረም። መራጩ ጸሐፊዎቹ ፊት ቆሞ የመረጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይናገራል። ጎረቤት ሁሉ እየሰማ ማለት ነው። እርግጥ ይህን ሁሉ ድምፅ ያመጣችው ሳንቲሟ ናት ብሎ መከራከር የዋህነት ነው። በዚያው ዓመት ለጥቂት ወራት በዘመተበት፣ ከነባር ሕዝቦች ጋር በተደረገው የጥቁር ጭልፊት ጦርነት የመንደሩ ልጆች ሻምበል አድርገው መርጠውት ነበር። ተረት አዋቂ ነው፣ ትግል ይችላል፣ ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል። ሱቁ ግን እነዚህ ሁሉ የተገናኙበት ቦታ ነው።

ታማኝነት ሱቅ አላዳነም

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። የኦፈት ሱቅ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። ሊንከን ደግሞ ከዘመቻ ሲመለስ ራሱ ባለሱቅ ሆነ። ዊልያም ቤሪ ከሚባል ሰው ጋር ተሻርኮ ሱቅ ገዛ። በምን ገንዘብ? በዱቤ። ሁለቱም ገንዘብ አልነበራቸውም። የዕዳ ሰነድ እየፈረሙ ነው ዕቃ የወሰዱት፤ ሌላ ሱቅ ሲፈርስም የሱን ዕቃ እንዲሁ በዕዳ ገዙ።

ሱቁ ለምን እንደከሰረ ብዙ ተብሏል። ቤሪ መጠጥ ያበዛ ነበር፣ ሊንከን ደግሞ ከቆጣሪው በስተጀርባ ተጋድሞ መጽሐፍ ያነብ ነበር ይባላል። እኔ ግን ጥፋቱን በእነሱ ላይ ብቻ አልጭነውም። 25 ቤተሰብ ያለባት መንደር ውስጥ ከአንድ በላይ ሱቅ አለ። ወንዙ ለእንፋሎት መርከብ አይመችም፤ ይመቻል ተብሎ የታሰበው ነገር አልሆነም። ገበያው አላደገም። ዕቃው በዱቤ ተገዝቶ፣ በዱቤ ተሸጦ፣ ዱቤው ሳይሰበሰብ የዕዳው ቀን ይደርሳል። ዱቤ ደብተር ይዞ የሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ሚዛኑ ልክ የሆነ ሱቅም በዱቤ ይሞታል።

ሱቁ በ1833 ሞተ። ቤሪ በጥር 1835 ዐረፈ፤ ዕዳው ሁሉ በሊንከን ላይ ወደቀ። ወደ 1,100 ዶላር ገደማ ነበር። በወር 15 ዶላር ሲበላ ለነበረ ሰው የስድስት ዓመት ደመወዝ ነው። እሱ ራሱ እየቀለደ ‹‹ብሔራዊ ዕዳዬ›› ይለው ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ የገጠመው ሰው ብዙውን ጊዜ ሌሊት ጠፍቶ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ሊንከን ግን እዚያው ቀረ። ከፍሎ ለመጨረስ ብዙ ዓመት ፈጀበት።

እንጀራው ከሁለት ቦታ ይመጣ ነበር። አንደኛ፣ በግንቦት 1833 የኒው ሴለም ፖስታ ቤት ኃላፊ ሆነ። ደመወዙ ትንሽ ነው። ግን ያኔ የፖስታ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤው የሚደርሰው ሰው ነበር የሚከፍለው፣ ስለዚህ የመንግሥት ገንዘብ በእጁ ያልፋል። ደብዳቤዎቹን ባርኔጣው ውስጥ አድርጎ እየዞረ ያድል ነበር። ሁለተኛ፣ የአውራጃው መሬት ቀያሽ ጆን ካልሁን ምክትሉ አደረገው። ሊንከን ቅየሳ አያውቅም። ካልሁን ደግሞ የተቃራኒው ፓርቲ ሰው ነው። ቢሆንም ድንበር የሚለካ ሰው ከሁሉ በፊት የማይሸጥ ሰው መሆን አለበት፤ ቅየሳውንማ ከመጽሐፍ ይማረዋል። ተማረውም። ኮምፓስና የመለኪያ ሰንሰለት አገኘ፣ ፈረስ በዱቤ ገዛ፣ ሥራ ጀመረ።

ሐራጁ

በ1834 ዕዳው ፍርድ ቤት ደረሰ። ከሱቁ ዕዳ ሰነዶች አንዱ እጅ ለእጅ ተላልፎ ቫን በርገን የሚባል ሰው ዘንድ ነበር፤ እሱ ከሰሰ፣ ተፈረደለትም። የሸሪፉ ሰው መጣና ያለውን ንብረት ያዘ። ያለው ንብረት ምንድነው? ፈረሱ፣ ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ ኮምፓሱ፣ ሰንሰለቱ። ማለትም እንጀራው።

ዕዳ የሚከፍልበትን መሣሪያ ለዕዳ ወሰዱበት። እንግዲህ ከየት አምጥቶ ይክፈል? ቀያሽ ያለ ኮምፓስ ቀያሽ አይደለም። በዚህ ጊዜ ሊንከን ተስፋ ቆርጦ ነበር። ‹‹ይሂድ፣ ሁሉም ይቅር›› የሚል ስሜት ውስጥ ገባ። ወደ ሐራጁም መሄድ አልፈለገም።

ጄምስ ሾርት ሰማ። ሾርት ከኒው ሴለም በስተሰሜን ጥቂት ማይል ርቆ የሚኖር ገበሬ ነው። ሊንከን ቤቱ እየሄደ ይውል ነበር፣ በቆሎ ሲሰበስብም ያግዘው ነበር።   በሐራጁ ቀን ዋጋ ጠራ፣ ሁሉንም በ120 ዶላር ገዛ፣ ወዲያው ፈረሱንም ኮምፓሱንም ለባለቤቱ መለሰለት።  ስትችል ትከፍለኛለህ ነው ነገሩ።

120 ዶላር በኦፈት ሱቅ የስምንት ወር ደመወዝ ነው። ከ6 ሳንቲም ከሩብ ጋር ስታነጻጽሩት 1,920 እጥፍ ይመጣል። ቁጥሩ ይጣፍጣል፣ እውነት ነው። ግን አንዱ የሌላው ዋጋ ነው ብዬ ልሸጥላችሁ አልፈልግም። ሾርት ስለ ሳንቲሟ ብሎ እንዳደረገው የሚገልጽ ነገር የለም፣ ሳንቲሟ የተመለሰችላት ሴት ቤተሰቡ ናት የሚልም የለም። ሾርት ያደረገውን በ1865 በጻፈው ደብዳቤ ራሱ ተርኮታል፤ ስለ ሽልማት አያወራም። እንደ ተራ ነገር ነው የሚነግረን።

ታዲያ ግንኙነቱ የት ላይ ነው? እስቲ ሐራጁን ከሾርት ወገን እንየው። ከፊቱ ያለው ሰው የከሰረ ነው። ከሺ ዶላር በላይ ዕዳ አለበት። ሌሎች አበዳሪዎችም ወረፋ ይዘዋል፤ ኮምፓሱ ነገ በሌላ ፍርድ እንደገና ሊያዝ ይችላል። ማስያዣ የለውም። ሚስት የለው፣ መሬት የለው፣ ሌሊት ተነስቶ ቢጠፋ የሚይዘው የለም። ባንክ ቢሆን ኖሮ አምስት ዶላር አያበድረውም። ሾርት 120 ዶላር ሲያወጣ የተመካበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሰው ማንም ሳያየው እጁ ውስጥ የገባውን የሰው ገንዘብ ምን እንደሚያደርገው ያውቃል። ይህን ደግሞ በአንድ ቀን አላወቀም። ከሱቁ ቆጣሪ፣ ከሻይ ቅጠሉ ሚዛን፣ ከፖስታው ሂሳብ፣ ከፈረሱ ዳኝነት ተጠራቅሞ ነው። ሳንቲሟ ከእነዚህ አንዷ ናት፣ ምናልባትም የመጀመሪያዋ።

ከሾርት በቀር ሌላም ሰው አለ። በ1834 ሊንከን እንደገና ተወዳድሮ ምክር ቤት ገባ። ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ቫንዴሊያ የሚሄድበት ልብስ እንኳ አልነበረውም። ኮልማን ስሙት የሚባል ገበሬ 200 ዶላር አበደረው። ዕዳ ላይ ዕዳ ነው። ግን ከፋዩን ያዩ ሰዎች ናቸው የሚያበድሩት።

የድሮው ሰማያዊ ካልሲ

ስለ ፖስታው ገንዘብ ሳላወራ ባልፍ ቅር ይለኛል። የኒው ሴለም ፖስታ ቤት በ1836 ተዘጋ። በሊንከን እጅ የመንግሥት ቀሪ ሂሳብ ነበር፤ ወዲያው የሚረከበው አልመጣም። እሱም በ1837 ወደ ስፕሪንግፊልድ ሄደ፣ ጥብቅና ጀመረ። ኪሱ ባዶ ነው። የሚያድርበትን አልጋ እንኳ የሰጠው ሌላ ባለሱቅ ነበር።

ጓደኛው ዶክተር ሄንሪ የነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። አንድ ቀን የፖስታ መሥሪያ ቤቱ ሰው ቀሪውን ሂሳብ ሊወስድ መጣ። 17 ዶላር ገደማ ነበር። ዶክተሩ ሊንከን ገንዘብ እንደሌለው ያውቃልና ደነገጠ፤ ሊያበድረው አሰበ። ሊንከን ግን አንድ ደቂቃ ጠብቁኝ ብሎ ሄደ፣ ከሳጥኑ ውስጥ አሮጌ ሰማያዊ ካልሲ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ገለበጠው። የመንደሩ ሰው ለደብዳቤ የከፈላቸው እነዚያው ሳንቲሞች ናቸው፤ ብርና መዳብ ተቀላቅሎ። ተቆጠረ። ልክ ሆነ።

ለእኔ ከሳንቲሟ ይልቅ ካልሲው ይበልጣል። የጎደለውን ሊተካ ቢያስብ የመንግሥትን ገንዘብ ለጊዜው አውጥቶ ዳቦ መግዛት ይችል ነበር፤ ‹‹ነገ እተካዋለሁ›› ብሎ። ብዙ የካዝና ጉድለት የሚጀምረው በዚህች ቃል ነው፤ በክፋት አይደለም። ሰውየው ይህን በሚገባ የተረዳ ይመስላል፤ የራሱን ገንዘብ ከመንግሥት ገንዘብ ጋር ቀላቅሎ ቢያስቀምጥ ኖሮ ‹‹ልክ ሆነ›› የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ካልሲው ቀላል የሂሳብ አያያዝ ዘዴ ነው። ዛሬም ሁለት ሣጥን ያላቸው ባለሱቆች አሉ፤ አንዱ የሱቁ፣ አንዱ የሰው አደራ። ሣጥኖቹን የደባለቀ ቀን ባለሱቁ ራሱ የማን የማን እንደሆነ አያውቅም፤ መመለስ ቢፈልግ እንኳ ስንት እንደሚመልስ አያውቅም።

በኛ ሰፈር ዝርዝር ጠፋ እየተባለ በመልሱ ፈንታ ማስቲካ ወይም ከረሜላ የሚሰጥበት ሱቅ ሞልቷል። ሁሌ ይገርመኛል። ባለሱቁ ሃምሳ ሳንቲም ከሚያስቀር አንድ ከረሜላ ሲሰጥ ትክክለኛ የሆነ ይመስለዋል። ገዢው ግን ከረሜላ አልገዛም ነበር። ይህ ሌብነት ነው አልልም፤ ዝርዝር በእውነትም ይጠፋል። ሆኖም ‹‹ሃምሳ ሳንቲም አለሽ፣ ቀጥሎ ስትመጪ አስታውሺኝ›› ብሎ ደብተሩ ላይ የሚጽፈውን ባለሱቅ ደንበኛ አይረሳውም። የሊንከንን ያህል ጨለማ ውስጥ መሄድ አያስፈልገውም።

የሾርት መጨረሻ

ሊንከን የሾርትን 120 ዶላር ወደ ስፕሪንግፊልድ ከሄደ በኋላ ከፈለ። ኒው ሴለም ግን ብዙ አልቆየችም። በ1836 ሊንከን ራሱ በዚያው ኮምፓስ ፒተርስበርግ የምትባለውን ጎረቤት ከተማ ቀይሶ ነበር። ፒተርስበርግ በ1839 የአውራጃ ከተማ ስትሆን የኒው ሴለም ሰው ወደዚያ ተሰደደ፤ በ1840 መንደሯ ባዶ ሆነች ማለት ይቻላል። ያ ሁሉ ዱቤ፣ ያ ሁሉ ሱቅ ከአሥር ዓመት ትንሽ በልጦ አከተመ። ዛሬ እንደገና ተሠርታ የምትጎበኝ ቦታ ናት።

ሾርት ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ። እዚያ ኑሮ ከበደው። ሊንከን ፕሬዚዳንት ሆኖ ሳለ ይህን ሰማ። በሰሜን ካሊፎርኒያ ራውንድ ቫሊ በሚባለው የነባር ሕዝቦች ክልል ላይ የመንግሥት ሥራ ሰጠው።

ይህን ክፍል የሚወዱት ብዙዎች ናቸው፤ ውለታ ተመለሰ ይላሉ። እኔን ትንሽ ይከነክነኛል። በራሱ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ቅሬታ አይኖረኝም። የመንግሥትን ወንበር ለግል ውለታ ማዋል ግን በካልሲው ሕግ ሲታይ ሌላ ነገር ነው። በዘመኑ ሁሉም ፕሬዚዳንት እንዲህ ያደርግ ነበር፤ ሹመት የሚሰጠው ለሚታወቅ ሰው ነው፣ የሥራ ውድድር ፈተና የሚባል ነገር ገና አልመጣም። ሾርትም ሥራውን ተረከበና ሄደ።